በወር አንድ ሺህ ብር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስንት ይሆናል?

ደሴ ፒያሳ ላይ ቡና ይዘው ከተቀመጡ ሰዎች መሃል አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉ። «በየወሩ አንድ ሺህ ብር ባንክ ባስገባ፣ ወለዱም በዓመት 7 በመቶ ቢሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስንት ይኖረኛል?» ቢያንስ ሦስት ዓይነት መልስ ትሰማላችሁ።

አንዱ ቶሎ ብሎ «120 ሺህ ነዋ!» ይላል። ሺህን በ120 ወር አባዝቶ ነው። ወለዱን ጭራሽ አላስገባውም። ሌላው ስልኩን ያወጣና 120 ሺውን በ7 በመቶ አሥር ጊዜ ያሳድገዋል። «236 ሺህ!» ይላል። እሱ ደግሞ ብሩ በሙሉ የመጀመሪያው ቀን እንደገባ አድርጎ ቆጥሮታል። ሦስተኛው ኤክሴል የሚያውቅ ነው። ቁጥሮቹን ያስገባል። 48 ሚሊዮን ብር ገደማ ይወጣለታል። ለአፍታ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ግን የሆነ ነገር እንደተበላሸ ይገባዋል።

መልሱ 173,085 ብር ነው። ከወለዱ የሚቆረጠውን ግብር ለጊዜው ሳንቆጥር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው ባንክ ቤት ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ለምን ያንሳል?

7 በመቶን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። ወለሉ ነው እንጂ ጣሪያው አይደለም። ባንኮች ከዚያ በላይ መክፈል ይችላሉ፤ በተለይ በጊዜ ገደብ ለሚቀመጥ ገንዘብ በድርድር ከፍ ያለ ወለድ ይሰጣሉ። ተራ የቁጠባ ደብተር ለያዘ ሰው ግን 7 ጥሩ መነሻ ነው።

አንዲት ሸዋ በር አካባቢ ልብስ የምትሰፋ ሴት እናስብ። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ መጨረሻ 1,000 ብር ታስገባለች። ዓመቱ ሲያልቅ 12,000 ብር አስገብታለች። የ12,000 ሰባት በመቶ 840 ብር ነው። ስለዚህ 12,840 ትጠብቃለች። ደብተሯን ስታይ ግን 12,392 ብር ከ59 ሳንቲም ነው። ወለዱ 393 ብር እንኳ አልሞላም። «ባንኩ በላኝ» ብትል አይፈረድባትም።

ባንኩ ግን አልበላትም። የመጀመሪያው ሺህ ብር ወለድ ያገኘው ለ11 ወር ነው። ሁለተኛው ለ10 ወር፣ ሦስተኛው ለ9 ወር እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው ሺህ ብር በገባ ዕለት ዓመቱ ስለሚዘጋ ምንም አላገኘም። ከ11 እስከ ዜሮ ያለውን ብንደምር 66 ይመጣል። አንድ ሺህ ብር በወር የሚያገኘው ወለድ 5 ብር ከ83 ሳንቲም ነው። ይህን በ66 ብናባዛው 385 ብር ይሆናል። የቀረችው 7 ብር ከምናምን ወለዱ ራሱ የወለደው ወለድ ነው።

ስለዚህ በየወሩ ለሚቆጥብ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ከሚጠበቀው ግማሽ በታች ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። በብዙዎች ዘንድ ቁጠባ «ምንም አያደርግም» የሚባለው በአብዛኛው እዚህ ዓመት ላይ ቆመው ስለሚያዩት ነው።

ቀመሩ ከየት ይመጣል?

ባንኩ በየወሩ የሚያደርገው ነገር በጣም ቀላል ነው። ያለውን ቀሪ ሂሳብ በ1.0058333 ያባዛል። ይህ ቁጥር 1 ሲደመር 0.07 ለ12 ሲካፈል ማለት ነው። ከዚያ አዲሱን ሺህ ብር ይጨምራል። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ 1,000 አለ። በሁለተኛው 2,005.83 ይሆናል። በሦስተኛው 3,017.53። እንዲህ እያሉ 120 ጊዜ መሄድ ይቻላል። ወረቀትና ትዕግስት ያለው ሰው ቀመር አያስፈልገውም።

ቀመሩ ይህን መንገድ ያሳጥረዋል። እያንዳንዱን ሺህ ብር ለብቻው እንከተለው። የመጨረሻው ሺህ ምንም አላደገም፤ አንድ እጥፍ ሆኖ ቀረ። ከእሱ በፊት የገባው አንድ ጊዜ አደገ። ከዚያ በፊት ያለው ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው 119 ጊዜ አደገ። በየወሩ የሚባዛበትን ቁጥር g ብንለው፣ ድምሩ እንዲህ ይጻፋል፦

S = 1 + g + g² + … + g¹¹⁹

አሁን ትንሽ ብልሃት አለ። ይህን ድምር በሙሉ በ g እናባዛው። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ደረጃ ይወጣል። አንዱ ይጠፋና ከላይ g¹²⁰ ይጨመራል። ከተባዛው ላይ የመጀመሪያውን ብንቀንስ መሃል ያለው ሁሉ ይጣፋል። የሚቀረው g¹²⁰ ሲቀነስ 1 ብቻ ነው። በሌላ በኩል የቀረው S በ (g − 1) የተባዛ ነው። g − 1 ደግሞ የወሩ ወለድ ራሱ ነው፤ እሱን i እንበለው። ስለዚህ፦

FV = P × ((1 + i)ⁿ − 1) / i

P በየወሩ የሚገባው ብር ነው። i የወሩ ወለድ ነው። n የወራት ብዛት ነው። FV መጨረሻ ላይ የሚኖረው ቀሪ ነው። በፋይናንስ ትምህርት በእኩል ጊዜ የሚከፈል እኩል ክፍያ አኑዊቲ ይባላል፤ ይህም የአኑዊቲ የወደፊት ዋጋ ቀመር ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ከላይ ካየነው የተለየ ነገር የለውም።

ለልብስ ሰፊዋ እንሥራው። 1.0058333 ራሱን በራሱ 120 ጊዜ ሲያባዛ 2.00966 ይሆናል። አንድ ቀንሱ፤ 1.00966 ነው። በ0.0058333 አካፍሉ፤ 173.085 ይመጣል። በ1,000 አባዙ፤ 173,085 ብር። ካስገባችው 120,000 ላይ 53,085 ብር ወለድ ነው።

ይህ 53 ሺህ በአሥሩ ዓመት ላይ እኩል አልተከፋፈለም። አምስተኛው ዓመት ሲያልቅ ቀሪዋ 71,593 ብር ነው። ካስገባችው 60,000 በላይ ያለው ወለድ 11,593 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ግን 41,492 ብር ወለድ ይጨመራል። ዓመት በዓመት ብናየው የበለጠ ይገርማል። በመጀመሪያው ዓመት 393 ብር ያገኘችው ሴት በአሥረኛው ዓመት ብቻ 11,226 ብር ታገኛለች። እሷ በዚያ ዓመት የምታስገባው 12,000 ነው። ባንኩ ከእሷ እኩል ለመቆጠብ ትንሽ ነው የቀረው። በሌላ አነጋገር ስድስተኛው ዓመት ላይ ደብተር የዘጋ ሰው ወለዱ ገና ሊበረታ ሲል ነው የወጣው።

የተዘለለ ወር

ቀመሩ አንድ ግትር ነገር አለው። ገንዘቡ በየወሩ፣ እኩል መጠን፣ ሳይቋረጥ ይገባል ብሎ ያምናል። የወሎ ኑሮ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ባንክ ተዘግቷል፣ ሰውም ከቤቱ ወጥቷል። ማን ያኔ ወርሃዊ ቁጠባ ያስባል? ከዚያ ቀለል ባለ ጊዜም ቢሆን ሰርግ አለ፣ ሐዘን አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ።

ደግነቱ ለተዘለለ ወር ስሌቱን እንደገና መጀመር አያስፈልግም። ያ ሺህ ብር ገብቶ ቢሆን እስከ መጨረሻው ስንት ይሆን እንደነበር አስልቶ መቀነስ ነው። ልብስ ሰፊዋ በ13ኛውና በ14ኛው ወር ሳታስገባ ቀረች እንበል። አንደኛው ሺህ ለ107 ወር፣ ሌላው ለ106 ወር ያድግ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ 3,716 ብር ይሆኑ ነበር። ስለዚህ በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ ያን ያህል ይጎድላታል። ሁለት ሺው ያላስገባችው ነው፤ የቀረው 1,716 ያልተወለደ ወለድ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ሁለቱን ብትዘል ኖሮ ግን ጉድለቱ ከሁለት ሺህ ብዙም አያልፍም ነበር። መዝለል ካልቀረ ዘግይቶ መዝለል ይሻላል ማለት ነው። ኑሮ ግን ወሩን አስመርጦ አያዘልልም።

ከወሩ መጀመሪያና መጨረሻስ የቱ ይሻላል? ይህ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። መጀመሪያ ላይ የሚያስገባ ሰው እያንዳንዱ ብሩ አንድ ወር ተጨማሪ ያድጋል። ስለዚህ መልሱን በ1.0058333 ማባዛት ብቻ ነው። 173,085 የነበረው 174,094 ይሆናል። አሥር ዓመት ሙሉ በየወሩ መጀመሪያ የማስገባት ትርፍ አንድ ሺህ ብር ገደማ ነው። ደሞዝ ሲገባ ወዲያው ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለወለዱ ሳይሆን ብሩ ሳይጠፋ እንዲቀመጥ ነው ባይ ነኝ።

ያ 48 ሚሊዮን ብር

ኤክሴል ይህን ቀመር በውስጡ ይዟል። እንዲህ ይጻፋል፦

```
=FV(0.07/12,120,-1000)
```

መልሱ 173,084.81 ነው። ከሺው ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ብሩ ከእጃችሁ ወጥቶ ወደ ባንክ እንደሄደ ይነግረዋል። ምልክቱን ከረሳችሁ ቁጥሩ ያው ነው፤ ግን መልሱ ራሱ በመቀነስ ምልክት ይመጣል። አትደንግጡ።

48 ሚሊዮን የሚመጣው በ12 ማካፈሉን ሲረሱት ነው። 0.07 ብቻ ከተጻፈ ኤክሴል በወር 7 በመቶ ነው ብሎ ይረዳል። በወር 7 በመቶ ለ120 ወር ሲባዛ የትኛውም ባንክ የማይከፍለው ገንዘብ ይወጣል። ስልክ ላይ ባሉ የሂሳብ መተግበሪያዎችም ያው ስህተት ይሠራል። አንዱ የዓመት ወለድ ይጠይቃል፣ ሌላው የወር ወለድ። ሳያዩ መሙላት ነው ችግሩ።

መልሱ ልክ መሆኑን በሁለት ቁጥር መፈተሽ ይቻላል። መልሱ ካስገባችሁት ጠቅላላ ብር ማነስ የለበትም፤ እዚህ 120,000 ነው። ብሩ በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ቢገባ ከሚሆነው ደግሞ መብለጥ የለበትም። ያ ደግሞ ቡና ላይ ሁለተኛው ሰው ያለው 236,000 ገደማ ነው። እውነተኛው መልስ ሁልጊዜ በእነዚህ መሃል ነው። ከመሃል ካልሆነ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ወለድ ለማይፈልግ ሰው

ወሎ ውስጥ ስለ ቁጠባ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ሊያልፍ አይችልም። ብዙ ሰው ወለድ አይወስድም። በመደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ የሆነ መስኮት አለ፤ እነ ዘምዘምና ሂጅራ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በዚያ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ቀመሩ እዚህ ምን ይላል?

ሁለት ዓይነት ሂሳብ መለየት አለበት። ወዲዓ የሚባለው አደራ ነው። ባንኩ ገንዘቡን ይጠብቃል፣ ትርፍም ቃል አይገባም። እዚህ i ዜሮ ነው። ቀመሩ ውስጥ ዜሮ ስታስገቡ ዜሮን በዜሮ ማካፈል ይመጣል፤ ካልኩሌተሩም ስህተት ብሎ ይቆማል። ግን ከላይ ወደ ድምሩ ብንመለስ መልሱ ግልጽ ነው። g አንድ ከሆነ እያንዳንዱ ሺህ ያው ሺህ ነው። 120 ጊዜ ሲደመር 120,000። ቀመሩ አልተሰበረም፤ አጭሩ መንገድ ነው የተዘጋው። የቡናው የመጀመሪያ መላሽ ለወዲዓ ደብተር ልክ ነበር።

ሙዳረባ ሌላ ነው። ባንኩ ገንዘቡን ሥራ ላይ ያውለዋል፤ ትርፉ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል። ድርሻው ይታወቃል፤ ትርፉ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ቀመሩን ባለፈው ጊዜ በተከፈለው ትርፍ መሥራት ይቻላል፤ የሚወጣው ግን ግምት እንጂ የተስፋ ቃል አይደለም። ባንክ ቤት ሄዶ «በመቶ ስንት ትሰጣላችሁ?» ብሎ ቁርጥ ያለ መልስ መጠበቅ እዚህ ቦታ የለውም። መጠየቅ ያለበት ባለፉት ዓመታት የተከፈለው ትርፍ ስንት እንደነበረ ነው።

ከባንክ ይልቅ ዕቁብ የሚመርጥም አለ። እዚህም ወለዱ ዜሮ ነው፤ ግን ተራው ለውጥ ያመጣል። 12 ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ቢጥል የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው 12,000 ብር በመጀመሪያው ወር ይዞ ይወጣል። ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ያበደረ ነው። እሱ 12,000 ሲያነሳ ባንክ ያስቀመጠው 12,392 ብር ይዟል። ልዩነቱ 393 ብር ገደማ ነው። ዕቁብተኛ ጓደኞች «አልጣልክም!» ብለው ስለሚያስገድዱት የሚቆጥብ ሰው 393 ብር ለዚያ ቢከፍል ውድ አይመስለኝም።

ቀመሩ የማያየው ነገር

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። 173,085 ብር የዛሬ አሥር ዓመት ምን ይገዛል?

በ2014 ዓ.ም. የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እሱን አንውሰድ፤ ይከብዳል። ዋጋ በዓመት 13 በመቶ ይጨምራል ብለን እንያዝ። ዛሬ 100 ብር የሚገዛ ዕቃ ከአሥር ዓመት በኋላ 339 ብር ይሆናል። በዚህ ሂሳብ 173,085 ብር የሚገዛው ዛሬ 51,000 ብር ገደማ የሚገዛውን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 51 ሺውን ካስገባው 120 ሺህ ጋር ያወዳድርና ያዝናል። ይህ ማወዳደሪያ ግን ልክ አይደለም። በአሥረኛው ዓመት ያስገባችው ሺህ ብርም ቀድሞ ዋጋው ወርዶ ነበር የገባው። ያስገባችውን እያንዳንዱን ሺህ በዛሬ ዋጋ ብንመነዝረው ጠቅላላው 69,000 ብር ያህል ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ በዛሬ ብር 69 ሺህ ሰጥታ 51 ሺህ ተቀበለች። ወደ 18 ሺህ የሚሆነው ተበልቷል። ያጣችው ከሩብ ትንሽ የበለጠውን ነው። የሚያሳዝን ነው፤ ግን ወለዱ ባይኖር ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር። ላለመክሰር ብቻ በዓመት 12.3 በመቶ ገደማ ወለድ በየወሩ እየታሰበ መከፈል ነበረበት። ከ7 በመቶ እስከዚያ ያለው ርቀት ነው የሚጎዳት።

ወለዱን ማሳደግ በእሷ እጅ አይደለም። ያላት አንድ ማዞሪያ P ነው። በየዓመቱ የምታስገባውን በ10 በመቶ ብታሳድገውስ? በሁለተኛው ዓመት በወር 1,100፣ በሦስተኛው 1,210 ይሆናል። በአሥረኛው ዓመት 2,358 ትደርሳለች። የስፌት ዋጋም አብሮ ስለሚጨምር ይህ ያን ያህል የሚከብዳት አይመስለኝም። በጠቅላላው 191,249 ብር ታስገባለች። መጨረሻ ላይ የሚኖራት 261,216 ብር ነው። ሺህ ብሯን ሳትነካ ይህን ያህል ለማግኘት ወለዱ 14 በመቶ ገደማ መሆን ነበረበት፤ ከአሁኑ እጥፍ። ማንም ባንክ ለተራ ቁጠባ ያን አይሰጣትም። ራሷ ግን ልትሰጠው ትችላለች።

ይህ ግን የዋጋ ንረቱን አያሸንፈውም። ባስገባችው በእያንዳንዱ ብር ላይ ያለው ኪሳራ እንዳለ ነው። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ የቁጠባዋ መጠን ከገቢዋ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሺህ ብርን ለአሥር ዓመት ሳይነኩ ማስገባት በየዓመቱ ቁጠባን እየቀነሱ መሄድ ነው። ደብተሩ ላይ ስለማይታይ ብቻ ነው ማንም የማይደነግጠው። ስለዚህ ስለ ወለዱ መቶኛ የሚደረገው ክርክር የሚያህል ጊዜ ስለ P ቢሰጠው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ከግብ ወደ ኋላ

ቀመሩ ወደ ኋላም ይሠራል። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ከአምስት ዓመት በኋላ ለሱቅ መነሻ 300,000 ብር ይፈልጋል እንበል። በወር ስንት ይጣል? ለአምስት ዓመት ማለትም ለ60 ወር፣ በየወሩ የሚገባ አንድ ብር 71.593 ብር ይሆናል። 300,000ን በዚህ አካፍሉ፤ 4,190 ብር ነው።

ወጣቱ ግን አንድ ነገር ረስቷል። ዛሬ 300,000 የሚያስፈልገው ሱቅ ያኔ በዚያ ዋጋ አይጠብቀውም። በ13 በመቶ ንረት 552,700 ብር ገደማ ይሆናል። ያን በ71.593 ሲያካፍል በወር 7,720 ብር ይመጣል። ከመጀመሪያው ስሌት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብዙ የቁጠባ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ሰውየው በየወሩ ሳያጓድል ያስገባል፣ በቀኑም 300,000 ይደርሳል፤ ሱቁ ግን አልፎት ሄዷል።

ደብተሩን እንዴት እንፈትሽ?

ከወለድ ላይ ግብር ይቆረጣል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ነው። ከብሩ ላይ አይደለም፤ ከወለዱ ላይ ነው። ባንኩ ራሱ ይቆርጣል። በቀመሩ ውስጥ ለማስገባት 7ን በ0.95 ማባዛት በቂ ነው፤ 6.65 በመቶ ይሆናል። የልብስ ሰፊዋ 173,085 ብር በዚህ 169,791 ይሆናል።

ይህን ካወቃችሁ የአንድ ወር ስቴትመንት ብቻ ይዛችሁ ባንኩን መፈተሽ ትችላላችሁ። ወሩን ሙሉ ያልተነካ 70,000 ብር ካላችሁ በ7 በመቶ የወሩ ወለድ 408 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ግብሩ 20 ብር ከ42 ሲወጣ 387 ብር ከ92 ሳንቲም አካባቢ ይገባል። ባንኩ በቀን ቆጥሮ የሚያስብ ከሆነ በ30 እና በ31 ቀን ወር መሃል ትንሽ ልዩነት ይኖራል። ቁጥሩ 277 ብር አካባቢ ከሆነ ግን እየታሰበላችሁ ያለው በ5 በመቶ ነው።

ወሩን ሙሉ ካልተነካ ነው ያልኩት በምክንያት ነው። አንዳንድ ሂሳብ ላይ ወለዱ የሚታሰበው በእያንዳንዱ ቀን ባለው ቀሪ ነው። ሌላው ላይ በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ቀሪ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ደብተር በ28 ቀን 40,000 ብር አውጥቶ በማግስቱ የመለሰ ሰው ወሩን ሙሉ ወለድ የሚያገኘው በ30,000 ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት የሚያጣው የአንድ ቀን ወለድ ነው። ደብተር ከመክፈት በፊት መስኮቱ ላይ «ወለዱ የሚታሰበው በቀን ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ?» ብሎ መጠየቅ ነው።